ፕሪንተሩ ተገናኝቷል፤ ወረቀቱ ግን አልወጣም

ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ያውቀዋል፤ ስሙንም በዝርዝሩ ውስጥ ያሳያል። የፕሪንተሩ አረንጓዴ መብራት በርቷል፤ ወረቀትም ቶነርም አለው። ፕሪንት ሲባል ግን ዝም። በዚህ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱና በየኮፒ ቤቱ የሚደረገው ተመሳሳይ ነው። ትእዛዙን መላልሶ መስጠት፣ ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት፣ ካልሆነም ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። አንዳንዴ ይሳካል። ከእነዚህ ሁሉ የትኛው እንዳዳነው ግን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ችግሩ በሳምንቱ ሲመለስ ያው ትርምስ እንደገና ይጀመራል።

ዊንዶውስ የአንድን ፕሪንተር ስም በዝርዝሩ ውስጥ ማሳየቱ ብዙ አይናገርም። ያ ፕሪንተር ከዚህ በፊት በዚህ ኮምፒውተር ላይ መጫኑን ይናገራል፤ አሁን ወረቀት ሊያወጣ መቻሉን ግን አያረጋግጥም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ተገናኝቷል ወይ?» ሳይሆን «ሰነዱ እስከ የት ደርሶ ቆመ?» የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይበቃል።

ሰነዱ የሚያልፍበት መንገድ

አንድ ደብዳቤ ከዎርድ ተነስቶ ወረቀት እስኪሆን ድረስ በአራት ቦታ ያልፋል። ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ሰነዱን ፕሪንተሩ ወደሚረዳው ትእዛዝ ይለውጠዋል። ስፑለር የተባለው የዊንዶውስ አገልግሎት ደግሞ ሰነዱን ተቀብሎ ዲስክ ላይ ያስቀምጥና ወረፋ ያስይዘዋል። ተራው ሲደርስ ፖርት በሚባለው መውጫ በኩል ይለቀዋል፤ ፖርቱ ወይ ወደ ዩኤስቢ ኬብል፣ ወይ ወደ አንድ የኔትወርክ አድራሻ የተመራ ነው። መጨረሻ ላይ ፕሪንተሩ ይቀበልና ያትማል።

ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ነው። ጊዜ የሚቆጥበው ግን ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከፕሪንተሩ መጀመር ነው። ምክንያቱም ፕሪንተሩ ራሱ ከታመመ በኮምፒውተሩ ላይ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

መጀመሪያ ፕሪንተሩን ብቻውን ይሞክሩት

ኬብሉን ይንቀሉና ፕሪንተሩ ያለ ኮምፒውተር አንድ ገጽ እንዲያወጣ ያድርጉ። ስክሪን ያላቸው ፕሪንተሮች በሜኑአቸው ውስጥ የሪፖርት ክፍል አላቸው፤ ከዚያ የኮንፊገሬሽን ገጽ ይታዘዛል። ስክሪን የሌላቸው ትንንሽ ሌዘር ፕሪንተሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከላያቸው ያለው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ሲያዝ ያንኑ ገጽ ያወጣሉ። የትኛው ቁልፍ እንደሆነ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ኮፒና ስካን አብሮት ያለው ፕሪንተር ከሆነ ይበልጥ ቀላል ነው፤ ማንኛውንም ወረቀት መስተዋቱ ላይ አስቀምጦ ኮፒ ማድረግ ይበቃል።

ገጹ በደንብ ከወጣ ወረቀት የሚስበው ጎማ፣ ቶነሩና ማሞቂያው ደህና ናቸው ማለት ነው። ችግሩ ከፕሪንተሩ ወዲህ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ገጹ ካልወጣ ግን ድራይቨርም ስፑለርም መነካት የለባቸውም፤ ጉዳዩ የጥገና ባለሙያ ነው። ይህ አንድ ሙከራ ፍለጋውን ለሁለት ይከፍለዋል። የወጣውን ወረቀት እንዳይጥሉት። ፕሪንተሩ የኔትወርክ ከሆነ አድራሻው እዚያ ላይ ታትሟል፤ በኋላ ይፈለጋል።

ኬብሉና የተባዛው ስም

የፕሪንተር ዩኤስቢ ኬብል በአንድ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ በሌላው አራት ማዕዘን ሆኖ ከላይ ማዕዘኖቹ የተቆረጡ ነው። ይህ ኬብል ከ5 ሜትር እንዲበልጥ አይመከርም። በክፍሉ ማዶ ላለ ፕሪንተር ሲባል ሁለትና ሦስት መቀጠያ ተቀጣጥሎ ሲዘረጋ ወይም ኤሌክትሪክ በሌለው ማከፋፈያ በኩል ሲያልፍ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። እንዲህ ያለው ኬብል አታላይ ነው። ፕሪንተሩን ለማሳወቅ የሚበቃ ምልክት ያሳልፍና ትልቅ ፋይል ሲላክ መሐል ላይ ይቆማል። ምልክቱም አንድ ገጽ ያለው ደብዳቤ ወጥቶ ፎቶ ያለበት ሰነድ ሲቀር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አጭር ኬብል ተውሶ፣ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ ከኋላ ካሉት መሰኪያዎች በአንዱ ላይ በቀጥታ መሰካት። ሲሰካ ኮምፒውተሩ ድምፅ ካላሰማና ምንም ካላሳየ ጥፋቱ ከኬብሉ ወይም ከመሰኪያው አይዘልም።

ከተበላሸ ኬብል ይልቅ ግን በብዛት የሚያጋጥመው ሌላ ነው። ለጽዳት ተብሎ ጠረጴዛው ተነሥቶ ኬብሉ ሲመለስ ከበፊቱ በተለየ ቀዳዳ ይሰካል። አንዳንድ ፕሪንተሮችን ዊንዶውስ በዚህ ጊዜ እንደ አዲስ ዕቃ ይቆጥራቸውና ሁለተኛ ስም ይከፍትላቸዋል፤ ያው ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ Copy 1 የሚል ይጨመርበታል። አሮጌው ስም ቀድሞ በነበረው መውጫ፣ ለምሳሌ በ USB001 ላይ ይቀራል፤ ፕሪንተሩ ግን አሁን ያለው በ USB002 ላይ ነው። ዎርድ እንደ ልማዱ ወደ አሮጌው ስም ይልካል፤ ሰነዱም ማንም በሌለበት መውጫ ላይ ይከማቻል።

ይህን ለማየት በዊንዶውስ 11 ከ Settings ውስጥ Bluetooth & devices፣ ከዚያም Printers & scanners ይከፈታል። የፕሪንተሩ ስም ተመርጦ Printer properties ሲባል በሚመጣው መስኮት ላይ Ports የሚል ገጽ አለ። ምልክት የተደረገበት መስመር ሰነዱ የሚሄድበት መውጫ ነው። አሮጌውን ስም ከአዲሱ መውጫ ጋር ማያያዝ ወይም አሮጌውን ሰርዞ በአዲሱ መጠቀም ይቻላል። ሁለቱም ያው ናቸው።

እዚያው ገጽ ላይ ሳሉ አንድ ነገር ይመልከቱ። Let Windows manage my default printer የሚለው ማብሪያ በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ መጨረሻ ላይ የተጠቀሙበትን ፕሪንተር ዋና ያደርገዋል። ትናንት አንድ ፋይል ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ከሆነ ዛሬ ዋናው ፕሪንተር Microsoft Print to PDF ሊሆን ይችላል። ፕሪንት ሲሉ ወረቀት በመውጣት ፈንታ ፋይሉን የት ላስቀምጥ የሚል ጥያቄ ከመጣ ችግሩ ይኸው ነው። ማብሪያውን አጥፍቶ ትክክለኛውን ፕሪንተር ዋና ማድረግ ይፈታዋል።

ወረፋው ሲዘጋ

ኬብሉም መውጫውም ትክክል ሆነው ምንም ካልወጣ ቀጣዩ ቦታ ወረፋው ነው። በዚያው በ Printers & scanners ውስጥ የፕሪንተሩ ስም ተከፍቶ Open print queue ሲባል የቆሙት ሰነዶች ይታያሉ። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከላይ አንድ ስህተት ያለበት ፋይል፣ ከሥሩ ደግሞ ያው ደብዳቤ አምስትና ስድስት ጊዜ ተደርድሮ ነው። ሰው አልወጣልኝም ብሎ ደጋግሞ ያዘዘው ሁሉ እዚያ አለ። መንገዱ ሲከፈትም በአንድ ጊዜ ይወጣል። አንድ ገጽ የፈለገ ሰው ስድስት የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ወረፋው በሰው እጅ ቆሞ እንዳይሆን ይመልከቱ። በዊንዶውስ 10 የወረፋው መስኮት ላይ Printer የሚለው ሜኑ ሲከፈት Pause Printing ወይም Use Printer Offline ላይ ምልክት ካለ ይነሣ። ይህ ብቻ የብዙ ሰው ችግር ሆኖ ይገኛል።

ከላይ ያለው ፋይል Cancel ቢባልም Deleting ብሎ ካልጠፋ ግን ስፑለሩ ነክሶ ይዞታል። ፕሪንተሩን ማጥፋትና ማብራት እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ የተያዘው ፋይል ያለው ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ነው። ቦታው በዊንዶውስ ማህደር ውስጥ System32፣ ከዚያ spool፣ ከዚያ PRINTERS የሚባለው ፎልደር ሲሆን ለእያንዳንዱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፋይል ይቀመጣል። በ SPL የሚያልቀው የሚታተመውን ይዘት፣ በ SHD የሚያልቀው ደግሞ የማን እንደሆነና ወደ የትኛው ፕሪንተር እንደሚሄድ ይይዛል። መፍትሔው ስፑለሩን ማቆም፣ ፎልደሩን ባዶ ማድረግና ስፑለሩን መልሶ ማስነሣት ነው። በመፈለጊያው ላይ cmd ብለው ይጻፉ፤ በቀኝ ጠቅ አድርገው Run as administrator ይበሉና ሦስቱን መስመሮች አንድ በአንድ ያስገቡ፦

```
net stop spooler
del /Q /F "%systemroot%\System32\spool\PRINTERS\*.*"
net start spooler
```

የመጀመሪያው መስመር ስፑለሩ መቆሙን ሳይነግርዎ ወደ ሁለተኛው አይለፉ፤ ስፑለሩ እየሠራ ፋይሎቹ አይጠፉም። ጥንቃቄም ያሻል። ይህ ትእዛዝ በዚያ ኮምፒውተር በኩል ወደ ማንኛውም ፕሪንተር የተላከውን ሁሉ ይሰርዛል። ፕሪንተሩ ለቢሮው የተጋራ ከሆነ የባልደረቦችዎም ሥራ አብሮ ይሄዳል፤ አስቀድመው ይንገሯቸው። ዋናው ሰነድ ግን አይነካም፤ የሚጠፋው ለመታተም የተላከው ቅጂ ብቻ ነው።

ስፑለሩ ተነሥቶ ትንሽ ቆይቶ በራሱ እየቆመ ካስቸገረ ጥፋቱን ወደ እሱ አይውሰዱት። ስፑለር ሥራውን የሚሠራው ድራይቨሩን እየጠራ ነው፤ ድራይቨሩ ሲወድቅ ስፑለሩን ይዞት ይወድቃል። እዚህ ሲደርሱ ድራይቨሩን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ድራይቨሩ የሚጠረጠርበት ጊዜ

ድራይቨር ከሁሉ አስቀድሞ የሚወቀሰው፣ ግን ብዙ ጊዜ በከንቱ የሚወቀሰው ክፍል ነው። ትናንት ያለ ችግር ሲያትም የነበረ ድራይቨር በሌሊት በራሱ አይበላሽም፤ ዊንዶውስ ራሱን ካላደሰ ወይም አዲስ ፕሮግራም ካልተጫነ በቀር። ዊንዶውስ ሲታደስ ግን ይደርሳል። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በአንዳንድ ድራይቨሮች ላይ ገና ፕሪንት ሲባል ኮምፒውተሩን በሰማያዊ ስክሪን ያጠፋው ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ማስተካከያ ማውጣት ነበረበት። ስለዚህ ድራይቨር ከመንካትዎ በፊት «ትናንትና ዛሬ መካከል ምን ተቀየረ?» ብለው ይጠይቁ።

የድራይቨር ችግር የራሱ ምልክት አለው። አንደኛው ወረቀቱ ባዶ ሳይሆን በማይነበብ ጽሑፍ ተሞልቶ መውጣቱ ነው። በገጹ አናት ላይ @PJL ወይም %!PS የሚል ካዩ ፕሪንተሩ የተላከለትን ትእዛዝ መፈጸም ሲገባው እንደ ተራ ጽሑፍ አድርጎ አትሞታል። የድራይቨሩ ቋንቋና የፕሪንተሩ ቋንቋ አልተገናኙም፤ ማለትም የሌላ ሞዴል ድራይቨር ተጭኗል። ሁለተኛው ምልክት በፕሪንተሩ ስም ሥር Driver is unavailable የሚል ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው ቀደም ሲል ያልነው የስፑለር መውደቅ ነው።

በተለይ ርካሽ የሆኑት ትንንሽ ሌዘር ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ገጹን የማዘጋጀቱን ሥራ ለኮምፒውተሩ የተዉ ናቸው። የራሳቸው አእምሮ አነስተኛ ስለሆነ በተመሳሳይ ሞዴል ድራይቨር መሞከር አይሆንላቸውም፤ የራሳቸውን ብቻ ይፈልጋሉ።

ድራይቨር መቀየር ካስፈለገ የፕሪንተሩን ስም ከዝርዝሩ መሰረዝ አይበቃም፤ አሮጌው ፋይል ዊንዶውስ ውስጥ ይቀርና መልሶ ራሱ ይጫናል። ሙሉ በሙሉ ለማስወገድ ይህን ትእዛዝ ያስገቡ፦

```
printui /s /t2
```

የተጫኑት ድራይቨሮች ዝርዝር ይመጣል። የሚፈለገውን መርጠው Remove ይበሉ፤ ከሚመጡት ሁለት አማራጮች Remove driver and driver package የሚለውን ይውሰዱ። ድራይቨሩ በሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ካለ ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ ሰርዘው ስፑለሩን አቁመው ያስነሡና ይድገሙት። አዲሱን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ፣ በፕሪንተሩ ላይ በተለጠፈው ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይፈልጉ። ድራይቨር ፈላጊ ነን እያሉ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁ ፕሮግራሞችን አይጫኑ፤ ብዙዎቹ አላስፈላጊ ነገር ይዘው ይገባሉ።

ድራይቨሩ ደህና መሆኑን ማረጋገጫው ከ Printer properties ላይ Print Test Page ማለት ነው። የሙከራው ገጽ ከወጣ ከኮምፒውተሩ እስከ ፕሪንተሩ ያለው መንገድ በሙሉ ክፍት ነው። የሚቀረው ተጠርጣሪ ፋይሉ ወይም የከፈተው ፕሮግራም ነው። አልታተም ያለው ፒዲኤፍ ከሆነ በአዶቤ ሪደር የፕሪንት መስኮት ላይ Advanced ውስጥ ያለው Print As Image ይሞከር። የአማርኛ ሰነድ ሆኖ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ተዘበራርቆ ከወጣ ደግሞ ፕሪንተሩ ንጹሕ ነው። ሰነዱ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ተጽፎ ያ ፎንት በዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም ማለት ነው። ኮፒ ቤት ከመሄድ በፊት ፋይሉን በራስ ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ከዚህ ጣጣ ያድናል፤ ፎንቱ አብሮ ይሄዳልና።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፤ የኔትወርክ ፕሪንተር

በኔትወርክ የተያያዘ ፕሪንተር የራሱ ባሕርይ አለው። በአንድ ቢሮ ሊደርስ የሚችለውን በዝርዝር እንመልከት። አራት ኮምፒውተሮችና አንድ ሌዘር ፕሪንተር ከአንድ ራውተር ጋር ተያይዘዋል። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ከሰዓት ተመለሰ። ሁሉም ነገር ተነሣ፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ሦስቱ ኮምፒውተሮች ግን ፕሪንተሩን Offline ይሉታል። አራተኛው ደግሞ ያለ ችግር ያትማል። አንዱ የሚያትም ከሆነ ፕሪንተሩ ደህና ነው፤ ይህ ብቻውን ብዙ ጥርጣሬ ያስወግዳል።

በኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ አይፒ የሚባል ቁጥር አለው፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የሚያድለው ራውተሩ ነው። ብዙ ተራ ራውተሮች ለማን የትኛውን ቁጥር እንደሰጡ የሚመዘግቡት መብራት ሲጠፋ በሚጠፋ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት ሲመለስ ስልኮች ቀድመው ይያያዛሉ፤ ሌዘር ፕሪንተር እስኪሞቅና እስኪነሣ ግን ጊዜ ይወስዳል። በዚህ መሐል የእሱ የነበረውን ቁጥር ሌላ ዕቃ ሊወስደው ይችላል።

ከፕሪንተሩ የወጣው የኮንፊገሬሽን ገጽ IP Address በሚለው መስመር ላይ 192.168.1.11 ይላል። ከሦስቱ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ Printer properties ውስጥ Ports ሲከፈት ግን ምልክት የተደረገበት መውጫ 192.168.1.6 ነው። ጨዋታው እዚህ አለቀ። ኮምፒውተሮቹ ተከራዩ ቤት የለቀቀበትን በር እያንኳኩ ነው። አራተኛው ኮምፒውተር የሚሠራው ፕሪንተሩን በቁጥር ሳይሆን ኔትወርኩ ላይ በራሱ ፈልጎ ስላገኘው ነው፤ በእሱ ላይ Ports ሲታይ መውጫው WSD በሚል ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አሮጌው ቁጥር ላይ ping ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ይመጣል፤ «ፕሪንተሩ አለ» ተብሎም ይደመደማል። መልሱን የሰጠው ግን ቁጥሩን የወሰደው የአንዱ ሠራተኛ ስልክ ነው። ፒንግ የሚናገረው በዚያ ቁጥር ላይ የሆነ ዕቃ መኖሩን እንጂ ዕቃው ፕሪንተር መሆኑን አይደለም። አብዛኞቹ የኔትወርክ ፕሪንተሮች የሚታተመውን የሚቀበሉት 9100 በሚባለው በር በኩል ስለሆነ ትክክለኛው ጥያቄ ያንን በር መሞከር ነው። ፓወርሼል ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
Test-NetConnection 192.168.1.6 -Port 9100
Test-NetConnection 192.168.1.11 -Port 9100
```

መጨረሻው መስመር ላይ TcpTestSucceeded የሚል አለ። በዚህ ቢሮ ለመጀመሪያው ቁጥር False፣ ለሁለተኛው True ይላል። ስልክ የፕሪንተር በር የለውም።

ማስተካከያው Ports ላይ Configure Port ብሎ ቁጥሩን ወደ 192.168.1.11 መቀየር ነው። ይህ ግን ችግሩን ለዛሬ ብቻ ያስታግሳል፤ መብራት ዳግም ሲጠፋ ቁጥሩ እንደገና ሊቀየር ይችላል። ዘላቂው መፍትሔ ራውተሩ ለፕሪንተሩ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንዲይዝለት ማድረግ ነው። የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ይከፈትና DHCP በሚለው ክፍል Address Reservation ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው ቦታ ይፈለጋል። እዚያም የፕሪንተሩ ማክ አድራሻና የሚያዝለት ቁጥር ይገባሉ። ማክ አድራሻውም በዚያው የኮንፊገሬሽን ገጽ ላይ፣ በሁለት በሁለት የተከፋፈሉ 12 ፊደላትና ቁጥሮች ሆኖ ታትሟል። አንዴ ከተደረገ መብራት አሥር ጊዜ ቢጠፋም ፕሪንተሩ ቁጥሩን አይቀይርም።

የኮንፊገሬሽኑ ገጽ ላይ ያለው ቁጥር በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ፕሪንተሩ ራውተሩን ጨርሶ አላገኘም፤ ቁጥሩን ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው። የኔትወርክ ኬብሉን ወይም የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይመልከቱ። የዋይፋይ ስም ወይም ይለፍ ቃል ተቀይሮ ለፕሪንተሩ የነገረው ሰው አለመኖሩ የተለመደ ነው። ብዙ ፕሪንተሮች 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ስለሚያውቁ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ከሚያሰራጭ ራውተር ጋር አይገናኙም። ኮምፒውተሩ ለእንግዶች በተከፈተው ዋይፋይ ላይ ካለም ኢንተርኔት እያገኘ ፕሪንተሩን ላያይ ይችላል፤ የእንግዳ ኔትወርክ የተሠራው የውስጥ ዕቃዎችን እንዲከልል ነውና።

አንድ ግራ የሚያጋባ ሁኔታ ይቀራል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ 9100 በርም True ይላል፤ ዊንዶውስ ግን Offline ማለቱን አይተውም። ዊንዶውስ የፕሪንተሩን ሁኔታ የሚጠይቀው በ9100 ሳይሆን SNMP በሚባል ሌላ መንገድ ነው። ፕሪንተሩ በዚያ ካልመለሰለት የለም ብሎ ይደመድማል። Configure Port ውስጥ SNMP Status Enabled ላይ ያለው ምልክት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወረፋው ወዲያው መንቀሳቀስ ይጀምራል።

በአንድ ኮምፒውተር በኩል የተጋራ ፕሪንተር

ፕሪንተሩ ኔትወርክ የማያውቅ ሆኖ በዩኤስቢ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ለሌሎች የተጋራ ከሆነ ያ ኮምፒውተር ሲተኛ ወይም ሲጠፋ የሌሎቹ መንገድ ይዘጋል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩ በርቶም የሚገጥም ሌላ ችግር አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. በስፑለር ላይ ፕሪንትናይትሜር የተባለ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ከተገኘ በኋላ ማይክሮሶፍት የተጋራ ፕሪንተር አጠቃቀምን አጥብቋል። ተራ ተጠቃሚ እንደ በፊቱ ከሌላ ኮምፒውተር ድራይቨር መጫን አይችልም፤ የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ያስፈልገዋል። 0x0000011b የሚል ስህተት ከታየ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ኮምፒውተሮች አንዱ ታድሶ ሌላው አሮጌ ሆኖ በመቅረቱ ነው። ሁለቱንም ማደስ ይቅደም። ይህን ጥበቃ በሬጅስትሪ አጥፉት የሚለውን ምክር አለመከተል ይሻላል፤ የሚጠፋው አንድ የደህንነት ቀዳዳ የደፈነ ጥበቃ ነው።

ቴክኒሺያን ሲጠሩ

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሳይፈታ ቢቀር እንኳ ድካሙ አይባክንም። ለሚመጣው ባለሙያ «አይሠራም» ከማለት ይልቅ አራት ነገር ይንገሩት፦ የኮንፊገሬሽኑ ገጽ ወጥቶ እንደሆነ፣ ከዊንዶውስ የታዘዘው የሙከራ ገጽ ወጥቶ እንደሆነ፣ ፕሪንተሩ የተመራበት መውጫ የትኛው እንደሆነና ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የተቀየረ ነገር። በእነዚህ አራት መልሶች ጥሩ ባለሙያ ገና በስልክ እያለ ጥፋቱ የት እንደሆነ መገመት ይችላል። ድራይቨር አጥፍቶ እንደገና መጫን የመጨረሻው እርምጃ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን። የኔትወርክ ፕሪንተር ያለው ቢሮ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ሁሉም ነገር እየሠራ ሳለ፣ የኮንፊገሬሽን ገጹን አውጥቶ አይፒ ቁጥሩን ከራውተሩ ጋር ያስይዝ፤ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፎ ፕሪንተሩ ላይ ይለጥፍ።